የአንድ ሰሃን ሩዝ በሥጋ ወጪ ስንት ነው? የአንዲት የቡራዩ ምግብ ቤት የኢፍጣር ሒሳብ

በቡራዩ፣ ከአስኮ ተሻግሮ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለች አንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት ረመዳን ከመግባቱ በፊት ከአንድ የሰፈሩ ቤተሰብ ጋር ተስማማች። ምግብ ቤቷ በየምሽቱ 40 ሰሃን ሩዝ በሥጋ አዘጋጅታ አሽጋ ታስረክባለች፤ ቤተሰቡ ደግሞ ለአንዱ ሰሃን 220 ብር ይከፍላል። ምግቡ የሰደቃ ነው፤ የሚደርሰውም ቤታቸው የሚያፈጥሩበት ነገር ለሌላቸው ጎረቤቶችና መንገድ ላይ አዛን ለሚደርስባቸው የቀን ሠራተኞች ነው። የምግብ ቤቷ ባለቤት ዋጋውን ሲቀበሉ በሰሃን ከመቶ ብር በላይ እንደሚተርፋቸው አስበው ነበር። በዘጠነኛው ምሽት ግን አሥር ሌሊት ይበቃል ብለው የገዙት 50 ኪሎ ሩዝ አለቀ። ሁለተኛውን ጆንያ ለመግዛት ሳጥኑን ሲከፍቱ የጠበቁትን ያህል ገንዘብ አላገኙም።

ገንዘቡን የወሰደ ሰው የለም። ትርፍ ነው ብለው ለቤት አስቤዛና ለልጆቹ የዒድ ልብስ ከመደቡት ውስጥ አብዛኛው ትርፍ ሳይሆን የነገ ሥጋና ሩዝ መግዣ ነበር። እኛም ነገሩን ስንሰማ የሒሳብ አያያዝ ከምትማረው ልጃቸው ጋር ለሁለት ከሰዓት ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን አንድ ሰሃን በትክክል ስንት እንደሚፈጅ ከጥሬ ዕቃው ጀምረን አሰላን። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ፣ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ አጠጋግተናቸዋል። በራሱ ቤት የሚያሰላ ሰው የራሱን የገበያ ዋጋ ይተካባቸው፤ መንገዱ ያው ነው።

ባለቤቷ ስምምነቱን ሲቀበሉ በአእምሯቸው የያዙት ሒሳብ ይህ ነበር። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሥጋ 60 ግራም ነው። ባለአጥንት የበሬ ሥጋ በኪሎ 800 ብር ስለሚገዙ 60 ግራሙ 48 ብር ይሆናል። አንድ ኪሎ ሩዝ ስምንት ሰው ያበላል፤ ኪሎው 150 ብር ስለሆነ ለአንድ ሰው 19 ብር አይሞላም። ለሽንኩርት፣ ለዘይትና ለሌላው 20 ብር ቢጨመር ጠቅላላው 87 ብር ነው። ከ220 ላይ 87 ሲነሳ 133 ብር ይተርፋል። የሩዙ ሒሳብ ትክክል ነው። የሥጋው ግን ከግማሽ በላይ ተሳስቷል፤ ምክንያቱም በሰሃኑ ላይ ያለው 60 ግራም የበሰለና አጥንት የሌለው ሥጋ ሲሆን፣ 800 ብር የተከፈለበት ኪሎ ግን አጥንትም ጅማትም ውኃም ያለበት ጥሬ ሥጋ ነው።

ይህን ለማየት ሚዛን ላይ ማውጣት ብቻ ይበቃል። የዕለቱ ሥጋ 5 ኪሎ ነበር። ባለቤቷ ሥጋውን ሲመትሩ አጥንቱን በአንድ ሳህን፣ ጅማቱንና የማይበላውን ሞራ በሌላ ሳህን ለየት ብለው እንዲያስቀምጡልን ጠየቅናቸው። አጥንቱ 1 ኪሎ፣ ጅማቱና ሞራው ሩብ ኪሎ ሆነ። ለድስቱ የቀረው 3 ኪሎ ከ750 ግራም ነው። ሥጋው በሽንኩርትና በቅመም ቆይቶ እስኪለሰልስ ከበሰለ በኋላ፣ ሩዙ ከመጨመሩ በፊት፣ በጭልፋ አውጥተን እንደገና መዘንነው። 2 ኪሎ ከ400 ግራም ብቻ ቀርቷል። ከአምስቱ ኪሎ ከግማሽ በታች መሆኑ ነው።

ባለቤቷ ሚዛኑን ደጋግመው አዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሚዛን ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው እማ። ሥጋው ነው የተኮማተረው» አለች ልጃቸው።

ሥጋ ሲሞቅ ክሩ ይኮማተርና በውስጡ የነበረውን ፈሳሽ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ለረጅም ጊዜ የሚቀቀል የበሬ ሥጋ ከንጹሕ ክብደቱ ሲሶ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማጣቱ የተለመደ ነው። ጣዕሙ አልጠፋም፤ ሩዙ የሚበስልበት መረቅ ውስጥ ገብቷል። ሰሃን ላይ በቁራጭ የሚቆጠረው ሥጋ ግን አንሷል። ስለዚህ ለ5 ኪሎ የተከፈለው 4,000 ብር መካፈል ያለበት ለ2 ኪሎ ከ400 ግራም ነው። እንዲህ ሲታሰብ የአንድ ኪሎ የበሰለ ሥጋ ዋጋ ወደ 1,667 ብር ይደርሳል፤ 60 ግራሙም 48 ሳይሆን 100 ብር ይወጣዋል። ሙሉው የሒሳቡ ጉድለት ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ነው ያለው።

አጥንቱ ግን አይጣልም። ምግብ ቤቷ አጥንቱን ለብቻው ቀቅላ የምትሸጠውን የማፍጠሪያ ሹርባ ትሠራበታለች። ባይኖር ኖሮ ለሹርባው አጥንት ይገዙ ነበር፤ እሱንም በኪሎ በ100 ብር ገደማ ያገኙታል። ስለዚህ 100 ብሩን ከሥጋው ላይ ቀንሰን ሹርባው ላይ ጫንነው። የሥጋው ወጪ 3,900 ብር፣ ለአንድ ሰሃን 97 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። አጥንቱን የሚጥል ቤት ግን ይህን ቅናሽ የመውሰድ መብት የለውም። ሹርባውን በነፃ የሚሰጥ ቤትም ያው ነው፤ ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው ከማዛወር በቀር ያገኘው ነገር የለም።

እግረ መንገዳችንን ባለቤቷ ሁልጊዜ የሚያነሱትን ጥያቄ አሰላነው። የሐላል ሥጋ ቤቱ ባለአጥንቱን በ800፣ አጥንት የሌለውን ቀዩን በ1,000 ብር ይሸጣል። የቱ ይሻላል? አጥንት ከሌለው አንድ ኪሎ ላይ ጅማቱ ሲወጣ 950 ግራም ያህል ይቀራል፤ እሱም ሲበስል ወደ 608 ግራም ይወርዳል። እንግዲህ የአንድ ኪሎ የበሰለ ሥጋ ዋጋ 1,645 ብር ገደማ ነው። ባለአጥንቱ ያለ ሹርባ 1,667፣ አጥንቱ ሹርባ ውስጥ ሲገባ ደግሞ 1,625 ነው። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ 200 ብር ይመስል የነበረው ልዩነት ድስት ውስጥ ሲገባ ወደ 20 ብር ወርዷል። ሹርባ የሚሠራ ሰው ባለአጥንቱን ቢገዛ፣ ሹርባ የማይሠራ ደግሞ ንጹሑን ቢገዛ በትንሹ ይጠቀማል። ከዚያ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ሩዝ የሥጋ ተቃራኒ ነው። ሥጋ ውኃውን ሲያስወጣ ሩዝ ይጠጣል። ምግብ ቤቷ የምትጠቀምበትን ሩዝ አንድ ኪሎ ለይተን ብናበስለው የድስቱ ክብደት ተቀንሶ 2 ኪሎ ከ800 ግራም ሆነ። በሰሃን የሚቀርበው 350 ግራም ሩዝ እንግዲህ ጥሬው 125 ግራም ብቻ ነበር፤ የባለቤቷ «ኪሎ ለስምንት ሰው» የሚለው የልምድ ሒሳብ ልክ ነው። በቤቱ ድግስ የሚያዘጋጅ ሰው ግን እዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል። የበሰለውን 350 ግራም በጥሬው ዋጋ ያባዛ እንደሆነ በ18 ብር ከ75 ፈንታ 52 ብር ከ50 ያገኛል፤ ለ40 ሰውም ለ5 ኪሎ ፈንታ 14 ኪሎ ሩዝ ሊገዛ ነው። የሩዝ ዓይነት ሁሉ እኩል አያብጥም። የፎገራውም ከውጭ የሚገባውም ረጅሙም አጭሩም የየራሱ ልክ ስላለው፣ የሩዝ ዓይነት በተቀየረ ቁጥር አንድ ኪሎ አብስሎ መመዘን ነው።

የቀረው ነገር ብዙ ዓይነት ነው፤ ገንዘቡ ግን ትንሽ ነው። ለ40 ሰሃን 3 ኪሎ ሽንኩርት በ240 ብር፣ 1 ሊትር ዘይት በ300፣ 2 ኪሎ ቲማቲም በ120 ተገዛ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ 100 ብር፣ ካሮትና ቃሪያው 100 ብር፣ አብሮ የሚቀርበው ሎሚና ዳጣ 160 ብር ነው። እዚህ ላይ ልጅቷ የሽንኩርቱ ልጣጭ ይመዘን ወይ ብላ ጠይቃን ነበር። አያስፈልግም። ሽንኩርቱ ሰሃን ላይ በግራም ስለማይቆጠር ከጉሊት ተገዝቶ የገባውን ሙሉ ኪሎ መያዝ ይበቃል፤ ልጣጩም በዚያው ውስጥ ተከፍሎበታል።

ቅመም ግን ያስቸግራል። የአንድ ምሽት ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ከሙንና እርድ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ቁጥሩን እንኳ በቅጡ አያንቀሳቅስም። ስለዚህ በአንድ ምሽት መለካቱን ትተን የሳምንቱን ያዝን። ባለቤቷ ከመርካቶ የሚያመጡት ቅመም ከጨውና ከስኳር ጋር በሳምንት 700 ብር ይፈጃል፤ በሳምንት 280 ሰሃን ስለሚወጣ ለአንዱ 2 ብር ከ50 ይደርሰዋል። ለአንድ ምሽት 100 ብር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከሥጋው 3,900 እና ከሩዙ 750 ብር ጋር ሲደመር 5,770 ብር ይሆናል። ለ40 ሲካፈል የአንድ ሰሃን የምግብ ወጪ 144 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ባለቤቷ ካሰቡት 87 ብር ይልቅ በ57 ብር ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ሥጋ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ወጪውን መቆጣጠር የሚፈልግ ሰው ሽንኩርት እየቆጠረ ከመድከም ይልቅ ዓይኑን ሥጋው ላይ ቢያደርግ ይበቃዋል ማለት ነውና።

ስሌቱ እዚህ ላይ አለቀ ብለን ነበር። ልጅቷ ግን ደብተሯን ሳትዘጋ ቆየችና፣ «ታዲያ ሩዙ ለምን በዘጠነኛው ቀን አለቀ?» አለች። ጥያቄዋ ልክ ነበር። በቀን 5 ኪሎ ከሆነ 50 ኪሎ አሥር ምሽት መድረስ አለበት። ዋጋ ቢወደድ ገንዘብ ያልቃል እንጂ ሩዝ ቶሎ አያልቅም። ጆንያው ቀድሞ ካለቀ ከድስቱ ወደ ሰሃን ሲሄድ የሚሆን ነገር አለ ማለት ነው።

ያን ምሽት ድስቱ ከሥጋው፣ ከሩዙና ከአትክልቱ ጋር፣ የባዶ ድስቱ ክብደት ተቀንሶ፣ 20 ኪሎ መዘነ። ለ40 ሰው ሲከፈል ለአንዱ 500 ግራም ይደርሰዋል። አቅራቢዋ ልጅ እንደ ወትሮዋ በጭልፋ መቅዳት ጀመረች። ጾመኛ የሚበላውን ስትቀዳ እጇ ይዘረጋል፤ ማንም ሰው ይህን ይረዳዋል። ሦስቱን እሽግ አንስተን ስንመዝን አንዱ 560፣ ሌላው 590፣ ሦስተኛው 565 ግራም ሆነ። ድስቱ 35 ሰሃን ላይ አለቀ። አምስት ሰሃን ጎደለ፤ መግሪብ ሳይደርስ በጥድፊያ ሌላ ሩዝ ተጣደ፣ ከማቀዝቀዣው ለነገ የተቀመጠ ሥጋም ወጣ። ባለቤቷ እንደነገሩን ይህ በየምሽቱ ማለት ይቻላል የሚሆን ነገር ነበር፤ እሳቸው ግን ሩዙ በደንብ አላበጠም ብለው ነበር የሚያስቡት።

በዚህ ምክንያት 5,770 ብሩ የተካፈለው ለ40 ሳይሆን ለ35 ነው። አንዱ ሰሃን 144 ብር ከ25 መሆኑ ቀርቶ ወደ 165 ብር ተጠጋ። በገበያ ዋጋ ላይ ምንም ሳይጨመር፣ በጭልፋ ብቻ፣ በአንድ ሰሃን ላይ 20 ብር ከ60 ተጨመረ ማለት ነው። ለምግብ ወጪ ስሌት ከሚያስፈልጉት ቁጥሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ ሳይለካ የሚቀረው ይህ ነው፤ ከድስቱ በትክክል ስንት ሰሃን ወጣ የሚለው። ድስት ሥር የሚይዝ ሩዝም የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። ግማሽ ኪሎ ሩዝ ሥሩ ላይ ቢያር የጠፋው አንድ ሙሉ ሰሃን ነው።

አሁን ወደ 220 ብሩ እንመለስ። ከእሱ ላይ ለምግቡ 165፣ ለማሸጊያ ዕቃና ለማንኪያ 15 ብር ሲነሳ 40 ብር ይቀራል። በ40 ሰሃን 1,600 ብር ገደማ ነው። የምግብ ቤቷ የአንድ ምሽት ከሰል፣ የሁለት ሠራተኞች ክፍያና የቤት ኪራዩ ድርሻም እንዲሁ 1,600 ብር ይጠጋል። ባለቤቷ ዘጠኝ ምሽት ሙሉ ከቀትር ጀምሮ እሳት ዳር ቆመው የሠሩት ምንም ሳያገኙ ነበር። ለአስቤዛና ለልብስ ያወጡት ደግሞ ሩዙ ሲገዛ የወጣው ገንዘብ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። የመጀመሪያው ጆንያ ረመዳን ሳይገባ በ7,500 ብር የተገዛ ነው። ሁለተኛው 8,500 ተጠየቀበት። ለአሥረኛው ምሽት ሰሃን የሚታሰበው የሩዝ ዋጋ የቱ ነው? ጎተራ ውስጥ የተረፈ አሮጌ ሩዝ ቢኖር እንኳ መታሰብ ያለበት በ170 ብሩ ነው፤ የሚተካው በዚያ ዋጋ ነውና። በሰሃን ላይ የሚጨምረው 2 ብር ከ50 ብቻ ስለሆነ አያስደነግጥም፤ ነገር ግን በአሮጌው ዋጋ እያሰበ የሚሸጥ ሰው በየጆንያው 1,000 ብር እየጎደለበት ይሄዳል። ሩዝና ዘይት በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው፣ በተለይ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ በሚወሰን የምንዛሪ ዋጋ መመራት ከጀመረ ወዲህ፣ ይህን ለመርሳት ጊዜው አይፈቅድም።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ምግብ ቤቶች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ታክሱን ጨምረው በ220 ብር የሚሸጡ ከሆነ 15 በመቶው ለመንግሥት የሚገባ ስለሆነ የእነሱ ገቢ 191 ብር ከ30 ነው። የምግብ ወጪያቸውን ማነጻጸር ያለባቸው ከዚህ ጋር እንጂ ከ220 ጋር አይደለም።

እንዲህ ዓይነት ጉድለት ሲገጥም ብዙ ቤቶች ምን እንደሚያደርጉ እናውቃለን። ለማንም ሳይነገር ሥጋው ይቀንሳል፤ 60 ግራም የነበረው 45፣ ከዚያም 40 ይሆናል። ሒሳቡ ይስተካከላል፤ 15 ግራም ብቻ ቢቀነስ በሰሃን ወደ 25 ብር ይመለሳል። ግን የከፈለው ሰው ለ60 ግራም ነው የከፈለው፤ ከሰደቃው የጎደለውን ደግሞ ተቀባዩ ሊያውቅም ሊጠይቅም አይችልም። ባለቤቷ ይህን መንገድ አልፈለጉትም። ደብተሩን ይዘው የቤተሰቡን አባት፣ ሰፈሩ ሐጂ እያለ የሚጠራቸውን አዛውንት፣ ሊያነጋግሩ ሄዱ። እኛም አብረን ነበርን።

«ሐጂ፣ ዋጋውን ያሳነስኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አልበደሉኝም» ብለው ጀመሩ። «ግን በዚህ ዋጋ እስከ ዒድ አልደርስም። ወይ ሥጋውን እቀንሳለሁ፣ ወይ ዋጋው ይስተካከል። ሁለቱንም ጽፌ አምጥቻለሁ፤ ይዩት።»

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው የሥጋውን ገጽ ብቻ ደጋግመው አነበቡ። «አምስት ኪሎ ገብቶ ሁለት ከግማሽ እንኳ አይሞላም?» አሉ። ልጅቷ አጥንቱንና የተኮማተረውን አስረዳቻቸው። «እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥጋ ገዝቻለሁ፤ መዝኜው አላውቅም» አሉና ሳቁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጠየቁት ነገር ገቡ፤ ሥጋ ዒድ ሲቃረብ ቢወደድ እንደገና ልትመጪ ነው ወይ?

መልሱ ደብተሩ ውስጥ ነበር። በአንድ ምሽት የሚገባው ሥጋ 5 ኪሎ ስለሆነ በኪሎ ላይ 100 ብር ሲጨመር የምሽቱ ወጪ በ500 ብር፣ የአንድ ሰሃኑ ደግሞ በ12 ብር ከ50 ይጨምራል። ቢቀንስም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ድርድር አያስፈልግም። በሁለቱ መካከል የተጻፈው ይህ ነው፤ ሥጋ በኪሎ 800 ብር እስከሆነ ድረስ ሰሃኑ 250 ብር ነው፤ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል በየመቶ ብሩ 12 ብር ከ50 ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። የሥጋው መጠን ከ60 ግራም አይወርድም። ሌሎቹ ዕቃዎች በሰሃን ላይ የሚያመጡት ለውጥ የሳንቲምና የጥቂት ብር ስለሆነ ስምምነቱ ውስጥ አልገቡም።

በ250 ብር ሒሳቡ እንዲህ ይመጣል። የሩዙ አዲስ ዋጋ ተጨምሮ የምግቡ ወጪ 146 ብር ከ75፣ ማሸጊያው 15 ብር ነው። 88 ብር ከ25 ይቀራል፤ በ40 ሰሃን 3,530 ብር ማለት ነው። ከሰሉ፣ ሠራተኞቹና ኪራዩ 1,600 ሲወስዱ ለባለቤቷ በምሽት 1,930 ብር ይተርፋቸዋል። ይህ የሚሆነው ግን ከድስቱ 40 ሰሃን ከወጣ ነው። ለዚህ ሲባል ጭልፋው ቀርቷል። ልጅቷ ከወጥ ቤቱ ጎድጓዳ ሳህኖች መካከል እስከ አፉ ሲሞላ 500 ግራም የሚይዝ አንድ መርጣ መዝናዋለች፤ አሁን ሰሃን ሁሉ የሚቀዳው በእሱ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ላይ 39 ወጣ፤ አንዱ ድስቱ ሥር ነበር። በማግሥቱ እሳቱ ቀደም ብሎ ተቀንሶ 40 ሞላ።

ባለፈው ጁምዓ ሥጋ ቤቱ ኪሎውን 850 አስገባው። ልጅቷ ለሐጂ ስልክ ደውላ 6 ብር ከ25 መጨመሩን ነገረቻቸው፤ ለዚያ ምሽት 10,250 ብር ከፈሉ። አዲሱ የሩዝ ጆንያ አፍ ላይ ባለቤቷ የተከፈተበትን ቀንና ማለቅ ያለበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፈውበታል። ስንሰናበታቸው ስድስተኛው ምሽት ነበር፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ 20 ኪሎ ቀርቶታል።